ገጹ ይከፈታል፣ ፋይሉ አይወርድም፦ ስለ ተነልና ስለ ፓኬት ልክ የተሰጠ ምላሽ

«በቪፒኤን ውስጥ ትንንሽ ገጾች እየተከፈቱ ትልልቅ ፋይሎች የሚቆሙት የመስመሩ ፍጥነት ስለማይበቃ ነው፤ መፍትሔውም ከፍ ያለ ጥቅል መግዛት ነው። የኤምቲዩን ቁጥር መነካካት አያስፈልግም፤ ፓኬቱ ለመስመሩ ከሚገባው በላይ ትልቅ ከሆነ መንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች ራሳቸው ይቆራርጡታል። ለደኅንነት ሲባል አይሲኤምፒን በፋየርዎል ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይመከራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተፈታ ኤምቲዩን በሁሉም መሣሪያ ላይ 576 ማድረግ ማንኛውንም እንዲህ ያለ ችግር ያስወግዳል።»

አንድ ጸሐፊ የሰጣቸውን እነዚህን አራት ምክሮች ተከትሎ ገንዘብም ጊዜም ያወጣ አንድ መጋዘን በዓይኔ ስላየሁ ይህን ምላሽ መጻፍ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መጋዘኑ ከአዲስ አበባ ደቡባዊ መውጫ፣ ቃሊቲን አልፎ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኝ ሲሆን የግንባታ ዕቃ ይከማችበታል። ድርጅቱ ከዚህ ቀደም ዕቃውን ያስቀምጥ የነበረው መሀል ከተማ ነበር፤ እዚያም በስልክ ሽቦ የሚመጣ ቋሚ የኢንተርኔት መስመር ነበረው። ወደ ገላን ሲዛወር ቋሚው መስመር እስከ ግቢው ስላልደረሰ፣ ጣሪያው ላይ አንቴና ተሰቅሎ በፎርጂ የሚሠራ ራውተር ተተከለ። መጋዘኑን ከዋናው ቢሮ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው፣ ዋየርጋርድ በተባለው የቪፒኤን ፕሮግራም የሚሠራው የተመሰጠረ ተነል ግን አንድም ቁጥር ሳይለወጥበት እንዳለ ተዛወረ።

ከዝውውሩ ማግስት ጀምሮ የንብረት መቆጣጠሪያው ፕሮግራም የመግቢያ ገጽ ወዲያው ይከፈታል፤ የይለፍ ቃልም ይቀበላል፤ የአንድ ዕቃ ብዛት ሲጠየቅም ይመልሳል። ስምንት ሜጋባይት ገደማ የሆነው የወር መጨረሻ ሪፖርት ሲጠየቅ ግን ማውረጃው ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሒሳብ ሠራተኛዋ «ወንድሜ፣ ሰላም ስንለው ይመልሳል፣ ቁም ነገር ስንጠይቀው ይዘጋናል» ብላ ነበር የገለጸችልኝ። የመጋዘኑ ኀላፊ በመጀመሪያው ምክር መሠረት ጥቅሉን በእጥፍ አሳድገው ነበር፤ ሪፖርቱ ግን ከዜሮ አልተነቃነቀም።

የመጀመሪያውን ምክር የማልቀበለው የፍጥነት ማነስ ራሱን የሚገልጥበት ሌላ መልክ ስላለው ነው። መስመር ቀጭን ሲሆን ፋይሉ በዝግታም ቢሆን ይንጠባጠባል፤ ትንንሾቹ ገጾችም አብረውት ይንቀራፈፋሉ። ገላን የታየው ግን ትንሹ ሁሉ በሙሉ ፍጥነት የሚያልፍበት፣ ትልቁ ሁሉ ፈጽሞ የማያልፍበት፣ በሁለቱ መካከልም ቀስ ብሎ የሚያልፍ ነገር የሌለበት ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለ ስለታም ድንበር ሲታይ መጠየቅ ያለበት በአንድ ሰከንድ ስንት ባይት እንደሚያልፍ ሳይሆን መረጃው ተከፋፍሎ በሚላክበት በአንድ ፓኬት ውስጥ ስንት ባይት እንደሚያልፍ ነው።

ይህን ድንበር ከእኔ ቀድመው ያስተዋሉት ሠራተኞቹ ናቸው። የዕቃው መግለጫ በእንግሊዝኛ የተጻፈባቸው ገጾች ሲከፈቱ፣ በአማርኛ የተጻፈባቸው ብዙዎቹ ይቆሙ ነበር፤ ስለዚህም ጥፋቱን በፕሮግራሙ አማርኛ ላይ አድርገውት ቆይተዋል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሰርቨሩ ገጹን ሳያምቀው የሚልክ ከሆነ፣ 800 ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ገጽ በአንድ ፓኬት ተጠቃልሎ ሲያልፍ፣ 800 ፊደል ያለው የአማርኛ ገጽ 2,400 ባይት ሆኖ ሁለት ፓኬት ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውም ፓኬት እስከ አፉ የሞላ ይሆናል። መንገድ ላይ የሚጠፋው ይህ የሞላው ፓኬት ነው። የእኛ ፊደል ሦስት እጥፍ ስለሚመዝን፣ እንዲህ ያለው ችግር በአማርኛ በሚሠሩ ገጾች ላይ ቀድሞ እንደሚታይ ማወቅ ለመርማሪው ይጠቅማል።

ኤምቲዩ ማለት አንድ የመስመር ክፍል ሳይቆራርጥ ሊያሳልፈው የሚችለው ትልቁ የፓኬት ልክ ነው። በቢሮ ውስጥ በተለመደው የኤተርኔት ገመድ ላይ ይህ ልክ 1500 ባይት ነው። በስልክ ሽቦ የሚመጣው መስመር ፒፒፒኦኢ በተባለው አሠራር ሲገባ 8 ባይት ለራሱ ይወስድና 1492 ይተርፋል። ዋየርጋርድ ደግሞ እያንዳንዱን ፓኬት መስጥሮ በሌላ ፓኬት ውስጥ ሲከተው 60 ባይት ይጨምርበታል፤ ከዚህ ውስጥ 20ው የውጪው የአይፒ ራስጌ፣ 8ቱ የዩዲፒ ራስጌ፣ ቀሪው 32 የዋየርጋርድ የራሱ ራስጌና የምስጠራው ማረጋገጫ ነው። የውጪው ፓኬት በአይፒቪ6 የሚሄድ ከሆነ ራስጌው በ20 ባይት ስለሚረዝም ጭማሪው 80 ይደርሳል፤ ዋየርጋርድ ሌላ ቁጥር ካልተሰጠው የውስጡን ልክ በአብዛኛው 1420 የሚያደርገውም ከ1500 ላይ ይህን 80 ቀንሶ ነው።

አሁን የመጋዘኑን ሁለት ዘመን ማነጻጸር ይቻላል። መሀል ከተማ በነበረበት ጊዜ የሞላው ፓኬት ከውስጥ 1420፣ ተጠቅልሎ ሲወጣ 1480 ባይት ነበር፤ መስመሩ 1492 ስለሚያሳልፍ 12 ባይት ተርፎ ያልፍ ነበር፣ ስለዚህም ስለ ቁጥሩ ማሰብ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። ገላን ላይ ስለካው የመንገዱ ልክ 1400 ሆኖ አገኘሁት። የሞባይል አውታር የተጠቃሚውን ፓኬት ከማማው ወደ ማዕከሉ የሚያጓጉዘው በራሱ ተነል ጠቅልሎ ስለሆነ፣ ለተጠቃሚው የሚተርፈው ልክ ከ1500 ማነሱ የተለመደ ነው። ያው 1480 ባይት የሆነ ፓኬት እዚህ በ80 ባይት ይበልጣል። ጆንያን በጆንያ ውስጥ ከትቶ በጠባብ በር ለማስገባት እንደመሞከር ነው፤ የበሩን ጥበት የሚያውቀው ግን ከጆንያው ጠቅላዮች አንዱም አልነበረም።

የግንኙነቱ አጀማመር ሲታይ ደግሞ ገጹ ለምን እንደሚከፈት ይገለጣል። ቲሲፒ ሁለት ኮምፒውተሮችን ሲያገናኝ በመጀመሪያ የሚለዋወጣቸው ሦስት ፓኬቶች ከመቶ ባይት እንኳ የማይደርሱ ናቸው። ቀጥሎ ከመጋዘኑ የሚሄደው ጥያቄም ጥቂት መቶ ባይት ነው። እነዚህ ሁሉ ያለ ችግር ስለሚያልፉ ግንኙነቱ ተመሥርቷል፣ ጥያቄውም ደርሷል። ሰርቨሩ ሪፖርቱን መላክ ሲጀምር ግን ፓኬቶቹን እስከ ልካቸው ይሞላቸዋል፤ የሞሉትም በሙሉ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ሰርቨሩ መልስ ሲያጣ ያንኑ ፓኬት፣ በዚያው ልክ፣ ደግሞ ደጋግሞ ይልካል፤ በየድጋሚው መካከል የሚጠብቀውን ጊዜም በእጥፍ እያሳደገ ይሄዳል። ተጠቃሚው የሚያየው ዝምታ ይህ የሚረዝም ጥበቃ ነው። ይህን በሰርቨሩ ላይ በዓይን ማየት ይቻላል፦

```
ss -ti dst 192.168.20.15
```

አድራሻው የመጋዘኑ ኮምፒውተር ነው። በውጤቱ ውስጥ `mss:1380` የሚል ተጽፎ፣ `retrans` እና `backoff` ከፍ እያሉ፣ `bytes_acked` ግን ሳይነቃነቅ ከቀረ፣ ፓኬቱ እየተላከ እንደሚጠፋ ተረጋግጧል። 1380 የመጣው ከ1420 ላይ የውስጡን የአይፒና የቲሲፒ ራስጌዎች 40 ባይት በመቀነስ ነው። ቀጭን መስመር ቢሆን ኖሮ `bytes_acked` በዝግታም ቢሆን ይጨምር ነበር። ጥቅሉን ከመግዛት በፊት ይህን አንድ ትእዛዝ ማየት ወጪውን ያስቀር ነበር።

ጸሐፊው ምናልባት የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ በዚያው ራውተር፣ ተነሉን አጥፍተን፣ መቶ ሜጋባይት ፋይል ስናወርድ ያለ ችግር ይወርዳል፤ መንገዱ 1400 ከሆነ ይህስ ለምን አልቆመም? መልሱ ለጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ልዘርዝረው። ሁለት ኮምፒውተሮች በቲሲፒ ሲገናኙ፣ በመጀመሪያው ፓኬት ውስጥ እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ ሊቀበል የሚችለውን የመረጃ ልክ ይናገራል፤ ይህ ኤምኤስኤስ ይባላል። በመንገድ ላይ ያሉ የአውታር መሣሪያዎች፣ ብዙ ጊዜም የሞባይል ራውተሩ ራሱ፣ ይህን ቁጥር ሲያልፍ ያዩና ከመስመሩ ልክ ጋር እንዲስማማ ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ተራው ማውረድ፣ ተጠቃሚውም ሰርቨሩም ሳያውቁት፣ ከመጀመሪያው ፓኬት ጀምሮ ተስተካክሎ ይሄዳል። በተነል ውስጥ ግን ያ የመጀመሪያው ፓኬት የተመሰጠረ ነው። መካከል ላይ ያለ መሣሪያ የሚያየው አንድ የዩዲፒ ፓኬት ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለውን ቁጥር ማንበብም ማረምም አይችልም። ከተነሉ ውጪ ሌሎች በዝምታ ሲሠሩልን የነበረውን ማስተካከያ፣ በተነሉ ውስጥ ሊሠሩት የሚችሉት የተነሉ ሁለት ጫፎች ብቻ ናቸው። ያለ ተነል መሥራቱ የመስመሩን ጤንነት ያሳያል፤ በተነል ውስጥ ስላለው ልክ ግን ምንም አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ምክር ከአራቱ ሁሉ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኖብኛል፤ ምክንያቱም በመጻሕፍት ላይ ያለውን ደንብ በመንገድ ላይ እንዳለው እውነት አድርጎ ስለሚያቀርብ ነው። በአይፒቪ4 ደንብ፣ አትቆራረጥ የሚል ምልክት የሌለበትን ትልቅ ፓኬት ራውተር ሊቆራርጠው እንደሚችል እቀበላለሁ። በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዋየርጋርድም በውጪው የአይፒቪ4 ፓኬት ላይ ይህን ምልክት አያደርግም። እንግዲያው ጸሐፊው በሚሉት መንገድ እንሂድና የ1480 ባይቱን ፓኬት 1400 በሚያሳልፍ መስመር ላይ እንቁረጠው። ቁራጮች የሚቆረጡት በ8 ባይት ብዜት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቁራጭ ከራስጌው ጋር 1396 ባይት፣ ሁለተኛው 104 ባይት ይሆናል። አንድ የነበረው ፓኬት ሁለት ሆነ፤ ተቀባዩ ከሁለቱ አንዱን ካጣ ደግሞ ሁለቱንም ይጥላል።

ዋናው ጉዳት ያለው በሁለተኛው ቁራጭ ላይ ነው። የዩዲፒ ራስጌ፣ የፖርት ቁጥሩን ጨምሮ፣ ያለው በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁራጭ ከየት ኮምፒውተር ወደ የት ኮምፒውተር እንደሚሄድ እንጂ የየትኛው ግንኙነት አካል እንደሆነ የሚናገር ምንም ነገር አልያዘም። የሞባይል መስመር ተጠቃሚዎች ብዙውን ጊዜ አንድን የሕዝብ አድራሻ በጋራ የሚጠቀሙ ስለሆኑ፣ አድራሻ ለዋጩ መሣሪያ ፓኬቱን ለማን እንደሚያደርስ የሚወስነው በፖርት ቁጥሩ ነው። ፖርት የሌለውን ቁራጭ ለማድረስ የመጀመሪያውን ቁራጭ አስታውሶ ማዛመድ አለበት፤ ይህን የማያደርግ መሣሪያ ይጥለዋል። ፋየርዎሎችም በበኩላቸው ቁራጮችን በጥርጣሬ የሚጥሉበት ጊዜ ብዙ ነው። የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎቹ ራሳቸው በ2020 በወጣው አርኤፍሲ 8900 የአይፒ መቆራረጥ ተሰባሪ አሠራር መሆኑን ገልጠው፣ አዳዲስ ፕሮቶኮሎች በእሱ ላይ እንዳይመኩ መክረዋል። አይፒቪ6 ላይ ደግሞ ነገሩ አልቋል፤ እዚያ መንገድ ላይ ያለ ራውተር ፈጽሞ አይቆራርጥም።

ነገሩን በክርክር ብቻ እንዳንተወው በገላን ያደረግሁትን ልኬት ላቅርብ። ተነሉን ሳይሆን የተነሉን ውጪ ለመለካት፣ ከመጋዘኑ ራውተር ወደ ዋናው ቢሮ የሕዝብ አድራሻ፣ አትቆራረጥ የሚል ምልክት ያለበት ፒንግ ላክሁ፤ እዚህ የጻፍሁት አድራሻ ምሳሌ ነው፦

```
ping -M do -c 3 -s 1372 203.0.113.10
ping -M do -c 3 -s 1373 203.0.113.10
ping -M dont -c 3 -s 1452 203.0.113.10
```

በ`-s` የሚሰጠው ቁጥር ራስጌዎቹን አይጨምርም፤ 28 ባይት ስለሚታከልበት የመጀመሪያው 1400፣ ሁለተኛው 1401፣ ሦስተኛው 1480 ባይት ፓኬት ይሆናል። የመጀመሪያው ሦስቱንም ጊዜ መልስ አገኘ። ሁለተኛው አንድም መልስ አላገኘም። ሦስተኛው የመቆራረጥ ፈቃድ የተሰጠው ነው፤ የጸሐፊው አስተያየት ትክክል ቢሆን ኖሮ መልስ ማግኘት የነበረበት ይህ ነበር፤ እርሱም ዝም አለ። ፓኬቱ ተቆርጦ ቁራጩ ተጥሎ ይሁን ወይም ሳይቆረጥ በሙሉው ተጥሎ ይሁን ከጫፍ ሆኖ መለየት አይቻልም፤ በዚህ መንገድ ላይ በመቆራረጥ መመካት እንደማይቻል ግን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ የሚለካ ሰው `ping -f -l 1372` ብሎ ተመሳሳዩን ውጤት ያገኛል።

በዚህ ልኬት ላይ የሚዘነጋ አንድ ጥንቃቄ አለ። ልኬቱ በተነሉ ውስጥ ባለው አድራሻ ላይ ከተደረገ የሚለካው የተነሉ የራሱ ቁጥር ነው፤ ኮምፒውተሩም ከ1420 በላይ የሆነውን ገና ሳይልክ `message too long` ብሎ ይመልሳል። ብዙዎች ይህን መልስ የመንገዱ መልስ አድርገው ስለሚወስዱት 1420 ትክክል እንደሆነ አምነው ይሄዳሉ። መለካት ያለበት የተነሉ ፓኬት ራሱ የሚጓዝበት የውጪው መንገድ ነው።

የአውታር መሣሪያዎች የስሕተትና የፒንግ መልእክት የሚላላኩበትን አይሲኤምፒን ስለ መዝጋት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ግን ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። አትቆራረጥ የሚል ምልክት ያለበት ፓኬት ሲተልቅበት፣ ራውተሩ የሚያሳልፈውን ልክ ጽፎ ለላኪው የሚመልሰው በአይሲኤምፒ ነው፤ ይህም ዓይነት 3፣ ኮድ 4 የሆነው መልእክት ነው። ከ1990 ጀምሮ በአርኤፍሲ 1191 የተደነገገው ልክን የመፈለጊያ ዘዴ በዚህ መልእክት ላይ የቆመ ነው። የገላኑ ጉዳይ የተፈጠረው በአይሲኤምፒ መዘጋት እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው፤ የውጪው ፓኬት ምልክቱ ስለሌለበት መልእክቱን የሚጽፍለት ራውተር መጀመሪያውኑ አይኖርም ነበር። ነገር ግን በመጋዘኑ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር እስከ ተነሉ አፍ ድረስ ያለው መንገድ ይህን መልእክት ይፈልገዋል፤ ኮምፒውተሩ 1500 የሚሆን ፓኬት ሲልክ ራውተሩ ልኩን የሚነግረው በእርሱ ነው። ኀላፊው ምክሩን ተከትለው አይሲኤምፒን በሁለቱም በኩል አስዘግተውት ስለነበር፣ እኔ ስደርስ ፒንግ እንኳ ለማድረግ አስቀድሞ መክፈት ነበረብኝ። ፒንግ ከውጪ እንዳይመለስ የሚፈልግ ሰው የፒንግ ጥያቄን ብቻ ይዝጋ፤ ከነበረ ግንኙነት ጋር የተያያዙ የስሕተት መልእክቶችን የሚያሳልፈውን ደንብ ግን ይተወው፦

```
iptables -A INPUT -m conntrack --ctstate RELATED,ESTABLISHED -j ACCEPT
```

በ`FORWARD` ሰንሰለት ላይም ተመሳሳዩ ደንብ ሊኖር ይገባል።

የ576ን ምክር በተመለከተ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ማንኛውም የአይፒቪ4 ኮምፒውተር ቢያንስ እስከዚህ ልክ የሚደርስ ፓኬት መቀበል እንዲችል በደንብ ተወስኗል። ገላን ላይ ቢደረግ ሪፖርቱ እንደሚወርድም አልክድም። ነገር ግን በ576 ልክ ውስጥ ለመረጃው የሚተርፈው 536 ባይት ሲሆን፣ በተለካው ልክ ግን 1300 ባይት ያልፋል። ያንኑ ሪፖርት ለማውረድ ከሁለት እጥፍ በላይ ፓኬት ማመላለስ ማለት ነው፤ እያንዳንዱን የሚመሰጥረውና የሚፈታው ደግሞ ትንሽ አቅም ያለው ራውተር ነው። ከዚህ የባሰው ግን አይፒቪ6 ከ1280 ያነሰ ልክ ያለውን መስመር የማይቀበል መሆኑ ነው፤ ሊኑክስ የአንድን ኢንተርፌስ ኤምቲዩ ከ1280 በታች ስታወርዱት በዚያ ኢንተርፌስ ላይ አይፒቪ6ን ያጠፋዋል። በሁሉም መሣሪያ ላይ የሚለው ደግሞ ጨርሶ አላስፈላጊ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ የሚነጋገሩበት ገመድ 1500 ያሳልፋል፤ የጠበበው ተነሉ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩም የሚቀነሰው በተነሉ ላይ ብቻ ነው።

የሠራሁት ይህን ነው። ከተለካው 1400 ላይ የዋየርጋርድን 60 ቀንሼ 1340 አገኘሁና በመጋዘኑ ራውተር የዋየርጋርድ ፋይል ውስጥ አስገባሁት፦

```
[Interface]
MTU = 1340
```

በዋናው ቢሮ ሰርቨር ላይ ግን ይህን ማድረግ አልፈለግሁም፤ ያው ኢንተርፌስ ሰፊ መስመር ያላቸውን ሌሎች ቅርንጫፎችም ስለሚያገለግል፣ አንዱ ስለጠበበ ሁሉም መጥበብ የለባቸውም። በምትኩ ወደ መጋዘኑ አውታር የሚወስደውን መንገድ ብቻ ልኩን ነገርሁት፤ ሰርቨሩ ሲጠፋና ሲነሣ እንዳይረሳውም በ`PostUp` ስር አስቀመጥሁት፦

```
ip route replace 192.168.20.0/24 dev wg0 mtu 1340
```

የማውረድ ችግር ሲሆን ብዙዎች የሚስቱት ይህን ሁለተኛውን ጫፍ ነው። ሪፖርቱ ሲወርድ ትልቁን ፓኬት የሚሠራውና የሚጠቀልለው ሰርቨሩ እንጂ መጋዘኑ አይደለም። ተነሉ በራሱ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ኮምፒውተሩ ከተቀነሰው ኢንተርፌስ ተነሥቶ ትንሽ ኤምኤስኤስ ስለሚናገር የአንድ ወገን ለውጥ ለቲሲፒ ይበቃ ነበር። እዚህ ግን ተነሉ ራውተሩ ላይ ሆኖ ኮምፒውተሩ ከኋላው ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የራሱን የ1500 ገመድ ስለሆነ 1460 መቀበል እችላለሁ ብሎ ይናገራል። ስለዚህ የአውታሩ መሣሪያዎች ከተነሉ ውጪ የሚያደርጉትን ማስተካከያ፣ ፓኬቱ ሳይመሰጠር በፊት ራውተሩ ራሱ እንዲያደርገው ይህን ጨመርሁ፦

```
iptables -t mangle -A FORWARD -p tcp --tcp-flags SYN,RST SYN \
  -j TCPMSS --clamp-mss-to-pmtu
```

ይህ ደንብ የሚያርመው ቲሲፒን ብቻ ነው። በዩዲፒ የሚሄድ ነገር፣ ለምሳሌ የድምፅና የምስል ጥሪ ወይም አሳሾች የሚጠቀሙበት ኩዊክ፣ ኤምኤስኤስ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ደንቡ ብቻውን ተጽፎ የኢንተርፌሱ ቁጥር ሳይስተካከል የቀረባቸው ቦታዎች ፋይል እያወረዱ ጥሪ የሚቋረጥባቸው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ይቀድማል፣ ደንቡ ይከተላል።

ከለውጡ በኋላ `ss` በሰርቨሩ ላይ `mss:1300` አሳየ፤ ሪፖርቱም በመጀመሪያው ሙከራ እስከ መጨረሻው ወረደ። ኀላፊው ጥቅሉን ወደ ቀድሞው መለሱት፤ በትንሹም ጥቅል ሪፖርቱ ይወርዳል።

መለካት ለማይችል ሰው፣ ለምሳሌ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ በተለያየ ሲም ለሚሠራ፣ ከ576 ይልቅ 1280ን እመክራለሁ። በአይፒቪ4 ተጠቅልሎ ሲወጣ 1340 ባይት ስለሚሆን፣ የሞባይል አውታሮች ደረጃ አውጪ አካል ለተጠቃሚ መሣሪያዎች ከሚጠቅሰው 1358 በታች ነው፤ አይፒቪ6ንም አያጠፋም። በአንድ ቦታ የተለካ ቁጥር ግን የዚያ መንገድ ብቻ ነው። መጋዘኑ አቅራቢ ቢቀይር፣ ወይም ቋሚው መስመር ግቢው ድረስ ቢደርስ፣ ልኬቱ እንደገና መደረግ አለበት፤ 1340 በሰፊው መስመር ላይም ይሠራል፣ ግን ያለ ምክንያት የጠበበ ይሆናል።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም የሚቆም ማውረድ ካለ፣ የት ላይ እንደሚቆም መመልከት ያስፈልጋል። የልክ ችግር ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የሞላ ፓኬት ጀምሮ ይታያል፤ አርባ ሜጋባይት ወርዶ የሚቆም ፋይል ግን የሞሉ ፓኬቶችን በሺዎች አሳልፏልና፣ መንገዱ መካከል ላይ ካልተለወጠ በቀር ምክንያቱ ሌላ ነው። ተነሉ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ሥራ ከቆየ በኋላ ከዋናው ቢሮ ወደ መጋዘኑ የሚላክ ነገር የማይደርስ ከሆነ፣ አድራሻ ለዋጩ ግንኙነቱን ረስቶታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በመጋዘኑ በኩል `PersistentKeepalive = 25` የሚለውን መስመር በ`[Peer]` ስር መጨመር እንጂ ኤምቲዩን እንደገና መቀነስ አይረዳም።